ስታይፔንዱ ሲዘገይ አቤቱታው ለማን ይጻፋል?

በስኮላርሽፕ ውጭ አገር የሚማር ሰው የወር ገንዘቡ ሲቀርበት የሚጽፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ገንዘቡ በእጁ ለሌለ መሥሪያ ቤት ነው። ለኤምባሲ ይጽፋል። ለትምህርት ሚኒስቴር ይጽፋል። ስኮላርሽፑን ለሚያስተባብረው ድርጅት ይጽፋል። አንዳንዱ ደግሞ ሦስቱንም በአንድ ኢሜይል ደርድሮ ይልካል። መልስ የሚሰጡት ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፦ «እባክዎ ዩኒቨርሲቲዎን ይጠይቁ»። እዚህ መልስ ላይ እስኪደረስ ሁለት ሳምንት ያልፋል፣ የቤት ኪራይ ቀንም ይደርሳል።

ነገሩን በአንድ ስኮላርሽፕ ላይ ብናየው ይቀላል። ከኢትዮጵያ በርከት ያሉ ተማሪዎች ከሚሄዱባቸው የአውሮፓ አገሮች አንዷ ሀንጋሪ ናት። ተማሪዎቹን የሚወስደው የሀንጋሪ መንግሥት ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም የሚባለውን ስኮላርሽፕ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን፣ የሚያስተባብረው ቡዳፔስት የሚገኘው ቴምፑስ የተባለ የመንግሥት ፋውንዴሽን ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ወሮችና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አቤቱታ ጸሐፊም ይህን ቢያስታውስ ይጠቅመዋል፤ «በጥቅምት ወር አልተከፈለኝም» ብሎ በእኛ አቆጣጠር ቆጥሮ የጻፈ ሰው ያልጠየቀው ወር ይመረመርለታል።

ስኮላርሽፑ የትምህርት ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ለመጀመሪያ ዲግሪና ለማስተርስ ተማሪ በወር 43,700 ፎሪንት፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ለኑሮ ይሰጣል። ይህ በዩሮ ሲመነዘር 110 ገደማ ነው። ማደሪያን በተመለከተ ተማሪው ወይ በዩኒቨርሲቲው ዶርም ያድራል፣ ወይ ከግቢ ውጭ ከተከራየ በወር 40,000 ፎሪንት የኪራይ ድጎማ ይታሰብለታል። ፕሮግራሙ ራሱ ገንዘቡን «ለኑሮ ወጪ ማገዣ» ይለዋል እንጂ ሙሉ መተዳደሪያ ነው አይልም። እንግዲህ ከመጀመሪያውም ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ገንዘብ ነው፤ አንድ ወር ሲዘል የሚቀረው ብድር ብቻ ነው።

አሁን ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ እንከተል። ሚኒስቴራችን እጩዎችን ያቀርባል፤ ሥራው በአብዛኛው እዚያ ላይ ያበቃል። ቴምፑስ ምርጫውን ያስተባብራል፣ ከዩኒቨርሲቲዎቹ ጋር ይዋዋላል፣ ፕሮግራሙ በደንቡ መሠረት መሄዱን ይከታተላል። ለተማሪው በየወሩ የሚከፍለው ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። የክፍያ ዝርዝሩ የሚወጣው እዚያ ነው፣ ለባንክ ትእዛዝ የሚተላለፈውም ከዚያ ነው፣ ስህተት ሲገኝ የሚታረመውም እዚያው ነው። ቡዳፔስት ያለው ሰው ቢያዝንልህ እንኳ አንድ ፎሪንት ሊያስተላልፍልህ አይችልም።

ክፍያው የሚያልፈው ኔፕቱን በተባለ የኮምፒዩተር ሥርዓት በኩል ነው። አብዛኞቹ የሀንጋሪ ዩኒቨርሲቲዎች ምዝገባውን፣ ኮርሱን፣ ውጤቱንና ክፍያውን የሚያካሂዱት በእሱ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ባለ ስድስት ምልክት የኔፕቱን ኮድ አለው። ለቢሮው ተማሪው ማለት ያ ኮድ ነው። ስሙ ብዙ ላይረዳ ይችላል፤ ሀንጋሪዎች የቤተሰብ ስም አስቀድመው ስለሚጽፉ የእኛ የአያት ስም ከፊት ይመጣና ተማሪው ራሱ ዝርዝር ላይ ስሙን ፈልጎ የሚያጣበት ጊዜ አለ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ከማንኛውም አቤቱታ በፊት መታወቅ አለበት። በሀንጋሪ የተማሪዎችን ክፍያ የሚገዛው እ.ኤ.አ. የ2007 የመንግሥት ድንጋጌ ቁጥር 51 ዩኒቨርሲቲው የየወሩን ክፍያ ቢዘገይ እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ድረስ ለባንክ እንዲያስተላልፍ ያስገድዳል። የመንፈቁ የመጀመሪያ ወር ግን ከዚህ ግዴታ ውጭ ነው። ይህም ማለት ሴፕቴምበር እና ፌብሩዋሪ ላይ የሚታየው መዘግየት በሕጉ የታወቀ ነው፤ ተማሪው ገና እየተመዘገበ፣ ዝርዝሩም ገና እየተጣራ ስለሆነ የእነዚያ ወራት ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከቀጣዩ ወር ጋር ተደምሮ ይገባል። ሴፕቴምበር 12 ላይ «ገንዘቤ ዘገየ» ብሎ የጻፈ ተማሪ «ይታገሡ» ቢባል ሊቆጣ አይገባም። ኦክቶበር 12 ላይ የጻፈ ግን ሕጉ ከጎኑ ነው። ብዙ ተማሪ ትክክለኛውን ደብዳቤ በተሳሳተ ወር ይጽፍና ትክክለኛው ወር ሲመጣ ተስፋ ቆርጦ ዝም ይላል።

ለማስረዳት የአንዲት የማስተርስ ተማሪን ጉዳይ ላንሳ። የብዙዎች ችግር በአንድ ሰው ላይ ተገጣጥሞ የተሠራ ምሳሌ ስለሆነ የእሷም የዩኒቨርሲቲዋም ስም የለም።

ተማሪዋ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ደረሰች። ዶርም ስላልደረሳት ከሌሎች ጋር ቤት ተከራየች። በሀንጋሪ አከራይ የሁለት ወር ኪራይ መያዣ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ ከአገር ቤት ይዛው የሄደችው ዩሮ እዚያው ላይ አለቀ። የባንክ ሂሳብ ለመክፈት ሰነድ እስኪሟላላት የሴፕቴምበር መጨረሻ ሆነ። ሂሳቡን ከፍታ ቁጥሩን ኔፕቱን ውስጥ አስገባች። ኦክቶበር 10 ደረሰ፣ የክፍል ጓደኞቿ ስልክ የባንክ መልእክት አመጣ፣ የእሷ ዝም አለ። «አዲስ ስለሆንኩ ይሆናል» ብላ ኖቬምበርን ጠበቀች። ኖቬምበር 10ም እንደዚያው አለፈ።

ያኔ ነው የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፈችው። በእንግሊዝኛ ነው የጻፈችው፤ መንፈሱ ግን ያው የእኛው ማመልከቻ ነበር። በሁለት መስመር ምስጋና ጀመረች። ቀጥላ ከየት እንደመጣች፣ ቤተሰቧ ሊረዷት አቅም እንደሌላቸው፣ ከሰው ተበድራ እየበላች እንደሆነ ገለጸች። በመጨረሻው አንቀጽ «የሚመለከተው ክፍል አስቸኳይ መፍትሔ እንዲሰጠኝ በታላቅ ትህትና እጠይቃለሁ» አለች። ኢሜይሉ ለአምስት አድራሻ ተላከ፤ ከአምስቱ አንዱ ብቻ የዩኒቨርሲቲው ነበር፣ እሱም የቅበላ ክፍሉ አጠቃላይ ሳጥን። የኔፕቱን ኮዷ አልነበረበትም። የትኛው ወር፣ ምን ያህል ገንዘብ፣ የትኛው ክፍያ የሚል የለበትም። አንባቢው ሐዘኑን ይረዳል፣ ሊያደርገው የሚችለውን ግን ከደብዳቤው ውስጥ ፈልጎ ያጣል። በዚያ ላይ ኢሜይል አምስት ቦታ ሲላክ እያንዳንዱ ተቀባይ ሌላው ይመልስላታል ብሎ ያልፈዋል።

ሁለት ዓመት የቀደማት የዶክትሬት ተማሪ ጉዳዩን ስትነግረው የጠየቃት አንድ ጥያቄ ነበር። «እህቴ፣ ኔፕቱን ላይ ክፍያው ይታያል ወይስ አይታይም?»

ጉዳዩ ሁሉ እዚህ ጥያቄ ላይ ነው የሚከፈለው። ኔፕቱን ውስጥ ለተማሪው የተመደቡ ክፍያዎች የሚዘረዘሩበት ገጽ አለ። የወሩ ስታይፔንድ እዚያ ጭራሽ ከሌለ፣ ዩኒቨርሲቲው ለዚያ ተማሪ ገንዘብ አልመደበም ማለት ነው። ያኔ ምክንያቱ ከክፍያ ሳይሆን ከተማሪነት ጋር የተያያዘ ነው። በመንፈቁ መጀመሪያ ኔፕቱን ላይ «ንቁ» ብሎ አልተመዘገበ ይሆናል፣ የስኮላርሽፕ ውሉ ላይ አልፈረመ ይሆናል፣ ወይም እንዲያቀርብ የተጠየቀው ሰነድ ጎድሎ ይሆናል። ይህን የሚያስተካክለው የስኮላርሽፑ አስተባባሪ ነው፤ በየዩኒቨርሲቲው ለዚህ ፕሮግራም የተመደበ ሰው አለ። ክፍያው ተዘርዝሮ እያለ ባንክ ካልገባ ግን ተማሪነቱ ላይ ምንም ችግር የለም፤ ገንዘቡ መንገድ ላይ ነው የቆመው። ጉዳዩም የፋይናንስ ክፍሉ ነው። ይህን ሳይለዩ መጻፍ ግማሹን ጊዜ የማይመለከተውን ቢሮ ማስቸገር ነው።

የእሷ ክፍያዎች ተዘርዝረው ነበር፤ የሴፕቴምበርም፣ የኦክቶበርም፣ የኖቬምበርም። ተከፍለዋል የሚል ግን የለም። ዝቅ ብላ የባንክ ሂሳቧ የተመዘገበበትን ገጽ ስታይ ቁጥሩ አለ፤ 24ቱም አሃዞች በየስምንቱ ተከፍለው በትክክል ተቀምጠዋል። የጎደለው አንድ ነገር ነው። ኔፕቱን አንድ ተማሪ ከአንድ በላይ ሂሳብ እንዲያስመዘግብ ስለሚፈቅድ ክፍያ የሚገባበት የትኛው እንደሆነ ምልክት ይደረግበታል። እሷ ቁጥሩን አስገብታ «ዋና» የሚያደርገውን ምልክት ሳትነካ ወጥታለች። ሥርዓቱም የሚልክበት ሂሳብ ስላልተነገረው ሁለቱንም ዙር ዘለላት።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእሷ ብቻ ነው የሚል ሰው ይኖራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሦስት ወር የተመደበ ገንዘብ ሳይወጣ መቀመጡን የክፍያ ዝርዝሩን የሚያወጣው ክፍል ያያል። ለተማሪዋ የሁለት መስመር ኢሜይል መላክ ከባድ ሥራ አልነበረም። ምልክት መርሳት የተማሪ ጥፋት ነው፤ የተረሳውን እያዩ ዝም ማለት የመሥሪያ ቤቱ ነው። በአቤቱታ ላይ ይህን መጻፍ ግን አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ገንዘቡን ማውጣት ነው።

ተማሪዋ ምልክቱን በዚያው ማታ አስተካከለች። በማግስቱ ሁለተኛውን ደብዳቤ ለስኮላርሽፑ አስተባባሪ ላከች፤ ግልባጭ ለፋይናንስ ክፍሉ ብቻ። ርእሱ ላይ የስኮላርሽፑ ስም፣ የኔፕቱን ኮዷና «የሦስት ወር ክፍያ አልደረሰኝም» የሚል ነበር። ይዘቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦

«የስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም የማስተርስ ተማሪ ነኝ። በዚህ መንፈቅ ንቁ ሆኜ ተመዝግቤያለሁ። የሴፕቴምበር፣ የኦክቶበርና የኖቬምበር የኑሮ ክፍያ (በወር 43,700 ፎሪንት) እና የማደሪያ ድጎማ (በወር 40,000 ፎሪንት) ኔፕቱን ላይ ተመድበው ይታያሉ፤ ወደ ባንክ ሂሳቤ ግን አልገቡም። ድምሩ 251,100 ፎሪንት ነው። የባንክ ሂሳቤ ዋና ተብሎ እንዳልተመዘገበ ትናንት አይቼ አስተካክያለሁ፤ የገጹን ምስል አያይዣለሁ። ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ውዝፉ በሚቀጥለው የክፍያ ዙር ይካተት እንደሆነና ቀኑን እንዲያሳውቁኝ። ሁለተኛ፣ ክፍያው እንደዘገየና መቼ እንደሚፈጸም የሚገልጽ ደብዳቤ ለአከራዬ እንዲጻፍልኝ።»

ከዚህ በላይ የለውም። ተቀባዩ ኮዱን ሲያስገባ የተባለውን ሁሉ በዓይኑ ያየዋል፤ መጠየቅ ያለበት ነገር አልቀረውም። ድምሩ አስቀድሞ ስለተሠራ በኋላ የገባው ገንዘብ ጎድሎ እንደሆነም ወዲያው ይታወቃል። የማደሪያ ድጎማው ለብቻው መጠቀሱ በተለይ ጥሩ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ክፍያዎች ናቸው፤ አንዱ ሲስተካከል ሌላው ተረስቶ ሊቀር ይችላል። ስህተቷን ራሷ መናገሯም አልጎዳትም፤ ቢሮው ሊያገኘው የሚችለውን ነገር ቀድሞ መናገር የአንድ ሳምንት መመላለስ ያስቀራል።

ለአከራዩ የተጠየቀችው ደብዳቤ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስባት ናት። ቢሮው ከክፍያ ዙር ውጭ ገንዘብ ማውጣት ላይችል ይችላል፤ አንድ ገጽ ጽፎ ማኅተም ማድረግ ግን ቀላል ነው። «ስታይፔንዴ ዘግይቷል» የሚል ተማሪና «የዚህ ተማሪ ክፍያ ዘግይቷል፣ በሚቀጥለው ወር ይከፈላል» የሚል የዩኒቨርሲቲ ወረቀት በአከራይ ዓይን እኩል አይደሉም። ከአገር ቤት ብር አስመንዝሮ የሚልክለት ዘመድ ለሌለው ኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህች ወረቀት ዋጋዋ ትልቅ ነው። የውጭ ምንዛሪ ገበያው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ከተለቀቀ ወዲህ ብሩ በመዳከሙ ከደመወዝ ላይ ዩሮ ገዝቶ ልጅን መደጎም ለብዙ ቤተሰብ የማይሞከር ሆኗል።

ውዝፉ በዲሴምበር ዙር በአንድ ላይ ገባ። ለዘገየው ጊዜ ወለድም ካሳም አልተከፈላትም፤ ይህን የጠበቀም ያዝናል።

ግን ባይገባስ? ሕጉ ለዚህም መንገድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሀንጋሪ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ተማሪው በዩኒቨርሲቲው ውሳኔ ላይ ብቻ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው ማድረግ ሲገባው ባላደረገው ነገር ላይም ይግባኝ እንዲል ይፈቅድለታል። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ነገሩን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 15 ቀን። አብዛኛው ተማሪ ይህን ቀን የሚያቃጥለው ለማይመለከተው ቢሮ በመጻፍ ነው። ኖቬምበር 10 ያልገባለትን ክፍያ በዚያው ሰሞን ያወቀ ተማሪ ኖቬምበር 25 አካባቢ ይግባኙን ማስገባት አለበት። አስተባባሪው «እያየነው ነው» ማለቱ ቀኑን አያቆመውም። ስለዚህ ለአስተባባሪው የሚላከው ኢሜይል ቶሎ መሄድ አለበት፤ በሳምንት ውስጥ ቁርጥ ያለ መልስ ካልመጣ ይግባኙ ወደሚቀርብበት አካል ማለፍ ነው። ያ አካል ማን እንደሆነ በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ደንብ ላይ ተጽፏል። በስልክ የተነገረ አይቆጠርም፤ በጽሑፍ ነው።

ቴምፑስ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ባይከፍልም ከዩኒቨርሲቲው ጋር ውል ያለው እሱ ነው፤ አስተባባሪው ለሁለት ደብዳቤ ዝም ካለ፣ ሁለቱን ደብዳቤዎች ከነቀናቸው አያይዞ ለቴምፑስ መጻፍ ተገቢ ነው። ያኔ «ዩኒቨርሲቲዎን ይጠይቁ» ሊል አይችልም፤ መጠየቁ ፊቱ ተቀምጧልና። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ያለቀለት ተማሪ ደግሞ ሀንጋሪ ውስጥ የትምህርት መብቶች ኮሚሽነር የሚባል ቢሮ አለለት፤ ከ1999 ጀምሮ የተማሪዎችን አቤቱታ የሚመረምር ነው። እስከዚያ የሚደርስ የስታይፔንድ ጉዳይ ግን ብርቅ ነው። ከዚያ በፊት የተማሪዎች ኅብረት አለ፣ አዲስ ገቢ የስኮላርሽፑን ተማሪዎች የሚረዱ ነባር ተማሪዎች የተደራጁበት የሜንተሮች መረብም አለ። ሀንጋሪኛ የሚችል ሜንተር ፋይናንስ ክፍል ገብቶ በአሥር ደቂቃ የሚጨርሰው ነገር በኢሜይል ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

ሌላ አገር ያለ አንባቢ ስሞቹና ቀኖቹ ይለያዩበታል። ለምሳሌ በቻይና መንግሥት ስኮላርሽፕ የሚማር ተማሪም የወር ገንዘቡን የሚያገኘው በዩኒቨርሲቲው በኩል ነው፤ እዚያ ደግሞ ከወሩ አጋማሽ በኋላ የተመዘገበ አዲስ ተማሪ የመጀመሪያ ወሩን ግማሽ ብቻ ነው የሚያገኘው። ይህን ያላወቀ ተማሪ የማይገባውን ግማሽ ወር ሲከራከር ይከርማል።

እዚህ ላይ ለትምህርት ሚኒስቴራችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ተማሪዎች ከመውጣታቸው በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ቢሰጣቸው ወጪው ኢምንት ነው፦ ገንዘቡን የሚከፍለው ማን ነው፣ በወሩ ስንተኛው ቀን ይገባል፣ ቢዘገይ መጀመሪያ ለማን ይጻፋል፣ ይግባኙ በስንት ቀን ያልፋል። አድራሻው ከታወቀ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው የድረሱልኝ ደብዳቤም ይቀንሳል።

በሚመጣው ሴፕቴምበር ወደ ሀንጋሪ የምትሄዱ ደግሞ የመጀመሪያው ክፍያ ከኦክቶበር አጋማሽ በፊት ይገባል ብላችሁ አትቁጠሩ። የቤት መያዣውን ሳይጨምር የሁለት ወር መኖሪያ ያዙ። ባንክ በከፈታችሁ ቀን ማታ ኔፕቱን ውስጥ ገብታችሁ ሂሳቡ «ዋና» መባሉን ተመልከቱ።